የከረመ ቡና ተልኮልኛል፣ ገንዘቤ ይመለስልኝ፦ ለኦንላይን ሻጭ ስለሚጻፍ ደብዳቤ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የምኖረው አራት ኪሎ አካባቢ ነው። በ2017 ዓ.ም. የካቲት ላይ ከአንድ የቴሌግራም ሻጭ ሁለት ግማሽ ግማሽ ኪሎ የተቆላ ቡና አዘዝኩ። ማስታወቂያው «በየሳምንቱ ትኩስ ተቆልቶ ይላካል» ይላል። ሞተረኛው ሐሙስ የካቲት 20 ቀን ደጃፌ ድረስ አመጣልኝ። ፓኬቱን ገልብጬ ሳየው ቡናው ከተቆላ ሦስት ወር አልፎታል። ደብዳቤ ጻፍኩ፣ ገንዘቤም ተመለሰልኝ። ከዚያ ወዲህ ጎረቤትም የሥራ ባልደረባም እንዲህ ዓይነት ነገር ሲገጥመው እኔን መጠየቅ ጀመረ። ደጋግመው የሚጠይቁኝን እዚህ ሰብስቤዋለሁ።

ቡና እኮ ደረቅ ነገር ነው። ሦስት ወር ቢቆይ ምን ይሆናል?

ጥሬ ቡና ከሆነ ምንም አይሆንም። ደረቅ ቦታ ከተቀመጠ ወራት ይቆያል። እናቶቻችን በኩንታል ገዝተው ዓመቱን ሙሉ እየቆሉ የሚያፈሉት ለዚህ ነው። የተቆላ ቡና ግን ሌላ ነገር ነው። ሲቆላ በውስጡ ብዙ ጋዝ ይፈጠራል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚባለው ነው። መዓዛውን የሚሰጡት ነገሮችም የሚፈጠሩት ያኔ ነው። ከምጣዱ ከወረደበት ደቂቃ ጀምሮ ጋዙ ቀስ እያለ ይወጣል፣ መዓዛውም አብሮት ይሄዳል። በምትኩ አየር ይገባና የቡናውን ዘይት ያበላሸዋል። የሰነበተ ለውዝ ስትቀምሱ አፋችሁ ውስጥ የሚቀር መጥፎ ጣዕም አለ አይደል? በከረመ ቡናም የሚሆነው እሱ ነው።

ፍሬው ሳይፈጭ በደንብ ከታሸገ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ድረስ ጥሩ ሆኖ ይቆያል የሚባለው የተለመደ ግምት ነው። ጠቆር ተደርጎ የተቆላ ከሆነ ቶሎ ይከርማል። ፍሬው ውስጡ ክፍት ክፍት ስለሚሆን አየር በቀላሉ ይገባዋል፤ ዘይቱም ላዩ ላይ ወጥቶ ያብረቀርቃል። የተፈጨማ በቀናት ውስጥ ነው መዓዛው የሚጠፋው።

እኛ አገር ይህ ጥያቄ ብዙ ጊዜ የማይነሳው ቡናው የሚቆላው ሊጠጣ ሲል ስለሆነ ነው። እንግዳው ጭሱን እያሸተተ አቦሉን ይጠብቃል። ታዲያ ቆልቶ የሚልክ ሻጭ «ትኩስ» ሲል እየሸጠልን ያለው ይህንኑ ነው፤ እኛ በጊዜ እጥረት ያልቆላነውን እሱ ቆልቶልን። ትኩስ ካልሆነ ገንዘብ የተቀበለበትን ነገር አልሰጠንም ማለት ነው።

ቀኑን እንዴት ላንብበው? የኛ ነው የፈረንጅ?

መጀመሪያ መጣራት ያለበት ይሄ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ተሳስቶ ሻጩን በከንቱ ይወቅሳል። አንዳንዱ ደግሞ ተሳስቶ ዝም ይላል።

የኔ ፓኬት ላይ «የተቆላው 21/11/24» ይላል። ባለቤቴ መጀመሪያ ስታየው ኅዳር 21 መሰላት። ግን ዓመቱ 24 ነው። ያኔ ገና 2017 ላይ ስለነበርን 24 የኛ ሊሆን አይችልም፤ የፈረንጅ 2024 ነው። ስለዚህ 11 ማለት ኖቬምበር ነው። ኖቬምበር 21 ቀን 2024 በኛ ኅዳር 12 ቀን 2017 ነው።

ዕድሜውን መቁጠር የሚቀለው በኛ አቆጣጠር ነው፣ ወሩ ሁሉ 30 ቀን ስለሆነ። ከኅዳር 12 እስከ የካቲት 12 ሦስት ወር ነው፣ 90 ቀን። ከየካቲት 12 እስከ 20 ደግሞ 8 ቀን። ድምሩ 98 ቀን፣ ልክ 14 ሳምንት። ጳጉሜን በመሃል ካለች እሷን መጨመር አትርሱ።

ዓመቱ «17» የሚል ከሆነ የኛ የመሆኑ ነገር ሰፊ ነው። የፈረንጅ ቢሆን ቡናው ብዙ ዓመት ያስቆጠረ ይሆናል፤ ያ ደግሞ የማይመስል ነገር ነው። ጥርጣሬ ካላችሁ ደብዳቤ ከመጻፋችሁ በፊት ሻጩን በአንድ መስመር ጠይቁት፦ «ፓኬቱ ላይ ያለው ቀን በየትኛው አቆጣጠር ነው?» መልሱ በጽሑፍ ይቀርላችኋል፣ ለደብዳቤውም ይጠቅማችኋል።

ፓኬቱ ላይ ያለው የማብቂያ ቀን ገና ብዙ ይቀረዋል። እንዴት ነው የማማርረው?

ሁለቱን ቀኖች ለዩአቸው። የኔ ፓኬት ላይም «እስከ 21/11/25 ይጠቀሙ» ይል ነበር። ያ ቀን ቡናው እስከዚያ ድረስ ለመጠጥ የሚሆን መሆኑን ነው የሚናገረው። እኔም ቡናው መርዝ ነው፣ ያሳምማል አላልኩም። የከረመ ቡና ሻጋታ ካልያዘው በቀር አያሳምምም። ያልኩት «ትኩስ ብላችሁ ሸጣችሁልኝ፣ ትኩስ አይደለም» ነው። ደብዳቤያችሁ የሚቆመው ወይም የሚወድቀው በዚህ ነው። «ጊዜው ያለፈበት ቡና ላካችሁልኝ» ብላችሁ ከጻፋችሁ ሻጩ የማብቂያውን ቀን አሳይቷችሁ ይገላገላል፣ እውነቱም ከሱ ጋር ይሆናል።

ስለዚህ ማስታወቂያው ምን እንደሚል መልሳችሁ አንብቡ። «ትኩስ»፣ «በየሳምንቱ የሚቆላ»፣ «ሲታዘዝ የሚቆላ» ይላል? እነዚህ ቃል ኪዳኖች ናቸው። «ምርጥ የይርጋጨፌ ቡና» ብቻ የሚል ከሆነ ግን ስለ ቀኑ ምንም አልተባለም። ያኔ መከራከሪያችሁ ይሳሳል፤ የምትጠይቁት ገንዘብ ሳይሆን ትብብር ነው።

ቀኑ ብቻውን ይበቃል ወይስ መክረሙን ማሳየት አለብኝ?

ዋናው ማስረጃ ቀኑ ነው። ጣዕም ያከራክራል፣ ቀን አያከራክርም። ሆኖም አንድ ተጨማሪ ነገር ቢኖር ደብዳቤው ይጠነክራል። እኔ ያደረግሁትን ልንገራችሁ።

አንዱን ፓኬት ብቻ ከፈትኩ፣ ሌላውን አልነካሁትም። ከፓኬቱ የመጣው ሽታ የደረቀ ካርቶን ነው የሚመስለው። ከዚያ ሁለት ብርጭቆ ላይ ሁለት ማጥለያ ወረቀት አስቀመጥኩ። በአንዱ ውስጥ ከመጣው ቡና 15 ግራም ፈጭቼ ጨመርኩ። በሌላው ውስጥ ከሁለት ቀን በፊት ቤት ከቆላነው ያንኑ ያህል። ሁለቱም በአንድ መፍጫ፣ በአንድ ልክ ነው የተፈጩት። ውኃው እንደፈላ በሁለቱም ላይ እኩል እኩል 40 ሚሊ ሊትር ያህል አፈሰስኩባቸው። (አዲስ አበባ ከፍታዋ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር ስለሚያልፍ ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ለዚህ ሙከራ ሙቀቱ ልክ ነው፣ እስኪበርድ መጠበቅ አያስፈልግም።)

የቤታችን ቡና እንደ ሊጥ ኩፍ አለ። መሃሉ እያበጠ ትንንሽ አረፋ እየፈነዳ ግማሽ ደቂቃ ያህል ቆየ። የተላከልኝ ግን ዝም አለ። ውኃው እንደ እርጥብ አሸዋ ላይ እንደፈሰሰ ወደ ታች ሰረገ። ከዳር አንድ ሁለት አረፋ ታየ፣ በቃ። ይህን በስልኬ ቀረጽኩት፤ 40 ሰከንድ ነው የፈጀው። ሁለቱን ጎን ለጎን ማየቱ ማንኛውንም ገለጻ ያስንቃል።

ሙከራው ግን ወሰን አለው። ነጣ ተደርጎ የተቆላ ቡና ትኩስ ሆኖም ብዙ ላይነሳ ይችላል። ተፈጭቶ የመጣ ቡና ደግሞ ጋዙን ቀድሞ ስለጨረሰ ይህ ሙከራ ምንም አይነግራችሁም። በጀበናም አይለይም፣ ውስጡን አታዩትማ።

ማጥለያ ወረቀት ከሌላችሁ ሌላ መንገድ አለ። አንድ ስኒ ፍሬ ጥብቅ ብሎ በሚዘጋ ላስቲክ ውስጥ አድርጋችሁ አየሩን ሙሉ በሙሉ አስወጡና ዝጉት። አሳድሩት። ትኩስ ከሆነ ጠዋት ላስቲኩ በጋዝ ተነፍቶ ታገኙታላችሁ፤ የከረመ ከሆነ እንደተጣበቀ ያድራል።

ከመጻፌ በፊት ምን ምን ልያዝ?

አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር፦ መጀመሪያ ማስረጃ፣ ቀጥሎ ቅሬታ። ቴሌግራም ላይ ሻጩ ማስታወቂያውን ማስተካከል ወይም ማጥፋት ይችላል። ከናንተ ጋር የተጻጻፈውንም ከሁለታችሁም ስልክ ላይ ማጥፋት ይችላል። ጓደኛዬ አንዷ መጀመሪያ ተናዳ ጻፈችለት፤ በአሥር ደቂቃ ውስጥ የተነጋገሩት በሙሉ ጠፋ። እጇ ላይ የቀረው ቡናው ብቻ ነበር።

ስለዚህ ማስታወቂያውን ስክሪንሾት አንሱት፣ የቻናሉ ስምና ቀኑ እንዲታይ አድርጋችሁ። ወደ Saved Messages ፎርዋርድ ካደረጋችሁትም ዋናው ቢጠፋ እናንተ ጋ ይቀራል። ትእዛዙን የተነጋገራችሁበትንም እንደዚሁ። የከፈላችሁበትን ማስረጃ አስቀምጡ፤ በቴሌብር ከሆነ ከ127 የመጣውን መልእክት አታጥፉት፣ የግብይት ቁጥሩ እዚያ ላይ አለ። በባንክ ካስተላለፋችሁም ደረሰኙን።

ፓኬቱን ሳትከፍቱ አራት አምስት ፎቶ አንሱት። ፊቱን፣ ጀርባውን፣ ቀኑን በቅርበት፣ የታሸገበትን አፍ። ቀኑ ከሌላ ቀን በላይ የተለጠፈ ከመሰላችሁ እንዳለ አንሱትና ከዚያ ቀስ ብላችሁ ጥጉን እያነሳችሁ ቪዲዮ ቅረጹ። ሞተረኛው ገና በር ላይ እያለ ብታነሱት ይመረጣል። እኔ ይህን አላደረግሁም፣ ዕድሌ ሆኖ ሻጩ በዚያ አልተከራከረኝም።

ደብዳቤው ራሱ ምን ይመስላል?

የኔ ይሄውላችሁ። ስሞቹን ብቻ አውጥቻለሁ።

> ቀን፦ የካቲት 21 ቀን 2017 ዓ.ም.
>
> ለ (የሻጩ ስም)
> አዲስ አበባ
>
> ጉዳዩ፦ ትኩስ ተብሎ ለተሸጠልኝ የከረመ ቡና የከፈልኩት ገንዘብ እንዲመለስልኝ ስለመጠየቅ
>
> ጤና ይስጥልኝ።
>
> የካቲት 18 ቀን 2017 ዓ.ም. ከእናንተ ቻናል ሁለት ባለ 500 ግራም የተቆላ የሲዳማ ቡና በፍሬው አዝዣለሁ። ለቡናው 1,300 ብር፣ ለማድረሻ 150 ብር፣ በጠቅላላው 1,450 ብር በቴሌብር ከፍያለሁ። የግብይት ቁጥሩ (ቁጥሩ) ነው። ዕቃው የካቲት 20 ቀን አራት ኪሎ በሚገኘው አድራሻዬ ደርሶኛል።
>
> ያዘዝኩበት ማስታወቂያ ቡናው «በየሳምንቱ ትኩስ ተቆልቶ ይላካል» ይላል። በሁለቱም ፓኬት ላይ ያለው የተቆላበት ቀን ግን 21/11/24 ነው፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.። እጄ ላይ ሲደርስ ከተቆላ 98 ቀን ሆኖታል።
>
> አንዱን ፓኬት ከፍቼ ሞክሬዋለሁ። መዓዛው ጠፍቷል፣ የካርቶን ሽታም አለው፣ የፈላ ውኃ ሲፈስበትም አይነሳም። ሁለተኛው ፓኬት እንደታሸገ ነው። የማስታወቂያውን፣ የክፍያውንና የፓኬቶቹን ፎቶ እንዲሁም የ40 ሰከንድ ቪዲዮ አያይዣለሁ።
>
> የተሸጠልኝ ቡና በማስታወቂያችሁ ከተገለጸው ጋር ስለማይገናኝ የከፈልኩት 1,450 ብር እስከ ዓርብ የካቲት 28 ቀን 2017 ዓ.ም. ድረስ በከፈልኩበት የቴሌብር ቁጥር እንዲመለስልኝ እጠይቃለሁ። ሁለቱንም ፓኬት በሞተረኛችሁ ልትወስዱ ትችላላችሁ፤ እስከዚያው አስቀምጣቸዋለሁ።
>
> መልሳችሁን በጽሑፍ እጠብቃለሁ።
>
> ከሰላምታ ጋር
> (ሙሉ ስምና ስልክ ቁጥር)

ይሄ በጣም ለስላሳ አይደለም? እኔ እኮ ተናድጃለሁ።

መናደዳችሁ ተገቢ ነው። ግን ደብዳቤውን የሚያነበው ሰው ብዙ ጊዜ ባለቤቱ ላይሆን ይችላል፤ ስልኩን ይዛ ትእዛዝ የምትቀበል ልጅ ናት። እሷ ደብዳቤውን ለአለቃዋ ማሳየት አለባት። ስድብ ያለበት ከሆነ አለቃው የሚያየው ስድቡን ነው። ቀን፣ ብርና ቁጥር ብቻ ያለበት ከሆነ ግን የሚመልሰው ነገር ያጣል።

«ሌቦች»፣ «አጭበርባሪ» የሚሉትን ተዉአቸው። ሆን ብለው ያድርጉት ወይም መጋዘን ውስጥ ረስተውት ይሁን አታውቁም። «ቴሌግራም ላይ ስማችሁን አጠፋለሁ» የሚለውንም አትጻፉ። ማስፈራራት ሲመስል ጥፋተኞቹ እናንተ ትሆናላችሁ።

በኔ ደብዳቤ ውስጥ ደግማችሁ እንድታዩት የምፈልገው አንድ ቦታ አለ። ማስታወቂያው የሚለውና ፓኬቱ የሚለው ተከታትለው ተቀምጠዋል። በመሃላቸው ምንም የኔ አስተያየት የለም። አንባቢው ራሱ ያስተያያቸዋል።

ገንዘብ ልጠይቅ ወይስ ምትክ ቡና?

እኔ ገንዘብ እላለሁ፣ ምክንያት አለኝ። ሻጩ ሦስት ወር የቆየ ቡና ከላከ መደርደሪያው ላይ ያለው ሌላውም ከዚያው ቀን ሊሆን ይችላል። ምትክ ተብሎ ሊመጣላችሁ የሚችለው የዚያው ወንድም ነው።

ምትክ የምትመርጡ ከሆነ ግን ከመላኩ በፊት የሚላከው ፓኬት የተቆላበትን ቀን ፎቶ ጠይቁ። ከሁለት ሳምንት ያልበለጠ ይሁን። ደግሞ ትናንት ወይም ዛሬ የተቆላ ካልሆነ ብላችሁም አትከራከሩ። በማሽን ለሚፈላ ቡና ጥቂት ቀን ማረፉ እንዲያውም ይጠቅማል፤ ጋዙ በጣም ሲበዛ ውኃው ቡናውን በደንብ እንዳያገኘው ያደርጋል።

ሁለቱንም በአንድ ደብዳቤ አትጠይቁ። «ወይ ገንዘቤን ወይ ምትክ ወይ ቅናሽ» ካላችሁ የሚሰጣችሁ ለሱ የሚቀለው ነው፣ ቅናሹ።

ሻጩ «አንዴ ተከፍቷል፣ አንመልስም» አለኝ። ምን ልበል?

በሉት፦ መዓዛው መጥፋቱ ሳይከፈት ሊታወቅ አይችልም። ደግሞም ቀኑ የተጻፈው በውጭ ነው፣ ያልተከፈተው ፓኬትም ያንኑ ቀን ይዟል። ሁለት ፓኬት ሲመጣ አንዱን እንዳትከፍቱ የምለው ለዚህ ነው። አንድ ብቻ ከሆነ ለሙከራ ከ30 ግራም በላይ አትጠቀሙ። ግማሹን ጠጥቶ ስለ ጣዕሙ ማማረር አያምርም፣ ሻጩም ልክ ይሆናል።

«አንተ ጋ ነው የተበላሸው» ካለ፣ ቀኑን ነው የምትጠቅሱት። ቡናው እናንተ ጋ ያደረው አንድ ሌሊት ነው፤ እነሱ ጋ 98 ቀን። «ፓኬቱ ቫልቭ አለው፣ አየር አያስገባም» ካለ ደግሞ እውነቱን ነው፣ ቫልቩ ጋዝ እያስወጣ አየር እንዳይገባ ይከለክላል። ግን የሚያዘገየው እንጂ የሚያቆመው አይደለም። ዞሮ ዞሮ «በየሳምንቱ የሚቆላ» የሚለውን ቫልቭ አያሟላውም።

እኔን ያሉኝ «የማድረሻውን 150 ብር አንመልስም፣ ለሞተረኛው ከፍለናል» ነው። የመለስኩላቸው አጭር ነበር፦ ትክክለኛው ቡና ቢመጣ ኖሮ ማድረሻውን በደስታ እከፍል ነበር፤ ሞተረኛው ይዞ የመጣው ግን እናንተ ተሳስታችሁ የላካችሁትን ዕቃ ነው።

ሕጉ ምን ይላል? በደብዳቤው ላይ ልጥቀሰው?

በመጀመሪያው ደብዳቤ ላይ አያስፈልግም ባይ ነኝ። ለ1,450 ብር አዋጅ ጠቅሶ መጀመር በሩን ይዘጋል። ማወቁ ግን ጥሩ ነው።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። የሚያሳስት ማስታወቂያንም ይከለክላል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ ገዢው ላይ ግዴታ ይጥላል፦ ዕቃውን እንደተረከበ መመርመርና ጉድለት ካገኘ ሳይዘገይ ለሻጩ ማሳወቅ አለበት። ብዙ ሰው የሚረሳው ይህን ነው። ቡናውን ኩሽና ውስጥ አስቀምጣችሁ ከወር በኋላ ከፍታችሁ «ከርሟል» ብትሉ ማን ያምናችኋል? በደረሳችሁ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ጻፉ።

ፓኬቱ ላይ የተቆላበት ቀን ጭራሽ ከሌለስ?

ያኔ 98 ቀን ብላችሁ ልትቆጥሩ አትችሉም። ደብዳቤው ጥያቄ ይሁን፦ «ይህ ቡና መቼ ነው የተቆላው? ማስታወቂያችሁ በየሳምንቱ ይላል፣ ፓኬቱ ላይ ግን ቀን የለም።» የሙከራውን ቪዲዮ አያይዙ። የታሸገበት ቀን ብቻ ካለ ተጠንቀቁ፤ ተቆልቶ ብዙ ቆይቶ የታሸገ ሊሆን ይችላል። የገዛችሁት ጥሬ ቡና ከሆነ ይህ ሁሉ አይመለከታችሁም።

ቀጠሮው አልፎ መልስ ባይሰጡኝስ?

በማግስቱ አንድ አጭር መልእክት ላኩ፣ የመጀመሪያውን ደብዳቤ አያይዛችሁ። እዚህ ላይ አዋጁን መጥቀስ ይቻላል። አድራሻ ወይም ሱቅ ያለው ሻጭ ከሆነ ደብዳቤውን አትማችሁ በእጅ አድርሱት፤ ቅጂው ላይ «ደርሶኛል» ብለው ቀንና ፊርማ እንዲያኖሩ ጠይቁ። በወረቀት የመጣ ነገር ስልክ ላይ እንደቀረ አይታለፍም።

ከዚያ የሚቀጥለው ሻጩ ባለበት ወረዳ ወይም ክፍለ ከተማ የሚገኘው የንግድ ጽሕፈት ቤት ነው። ይዛችሁ የምትሄዱት ደብዳቤዎቹን፣ የክፍያውን ማስረጃና ያልተከፈተውን ፓኬት ነው። እውነቱን ለመናገር ግን ሻጩ የንግድ ፈቃድም አድራሻም የሌለው፣ ስልክ ቁጥር ብቻ ያለው ከሆነ ነገሩ ከባድ ነው። የሚመላለሱበት የታክሲና የሥራ ሰዓት ከ1,450 ብሩ ሊበልጥ ይችላል። እዚያ ላይ የምትወስኑት እናንተ ናችሁ።

ገንዘቤ ተመለሰልኝ። ቡናውንስ ምን ላድርገው?

እስኪወስዱት አስቀምጡት። አትጣሉት፣ ለሰውም አትስጡት። ገንዘቡንም ቡናውንም መያዝ ተገቢ አይደለም። ኑና ውሰዱ ብላችሁ ካልመጡ በጽሑፍ «ልጠቀምበት?» ብላችሁ ጠይቁ።

እኔ ጋ ረቡዕ የካቲት 26 መጀመሪያ 1,300 ብር ገባ። ስለ ማድረሻው ያንን አጭር መልስ ጻፍኩላቸውና ማታ 150ው ተከተለ። በማግስቱ ያው ሞተረኛ መጣ። ያልተከፈተውን ፓኬት ወሰደ፤ የተከፈተውን ግን «እሱን ተወው ብለውኛል» አለኝ። ሽታው ለጀበና አልሆነንም። አሁን ትንሽ ሳህን ላይ ሆኖ ፍሪጁ ውስጥ ተቀምጧል፣ የሽንኩርቱን ሽታ እንዲወስድልን።